180 ሺህ ሰው አየው፣ ያዘዘ ግን የለም፦ የእይታ ገንዘብና የደንበኛ ገንዘብ ለምን በአንድ ሚዛን አይለኩም?

አያት አካባቢ የኪችን ካቢኔት ወርክሾፕ ያላቸው አንድ ሰው ቪዲዮ እንድሠራላቸው ቀጥረውኝ ነበር። በወር አራት ቪዲዮ። በሦስተኛው ወር አንዱ ቪዲዮ ፈነዳ፤ 180 ሺህ እይታ። ደስ ብሎኝ ስልኬን ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

«ጎበዝ ልጄ። እሺ፣ ከእነዚህ ውስጥ ካቢኔት ያዘዘው ስንቱ ነው?»

«ጋሼ፣ እሱን እንኳን አላውቅም» አልኳቸው።

የደዋዮችን መዝገብ አብረን ስናገላብጥ መልሱ ዜሮ ሆነ። ሰውየው አልተቆጡኝም፤ ግን በወር 45 ሺህ ብር ያወጡ ነበር። ለእኔ፣ ለካሜራ ባለሙያውና ለትራንስፖርት። በዚያው ከቀጠልን በአንድ ወር ውስጥ እኔም ሥራ አጣለሁ፣ እሳቸውም «ሶሻል ሚዲያ ውሸት ነው» ብለው ይዘጉታል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቪዲዮው መጥፎ አልነበረም፤ ለሌላ ሥራ የሚሆን መለኪያ ይዤ ነው የገባሁት። ከዚያ በፊት የሠራሁት ዱባይ ለምትኖር ጓደኛዬ የዩቲዩብ ቻናል ስክሪፕት በመጻፍ ነበር። እሷ የምትኖረው በማስታወቂያ ገቢ ነው። እዚያ የተማርኩትን ሁሉ ቀድቼ ወርክሾፕ ውስጥ አስገባሁት። ዛሬ የምጽፈው በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ስም አልጠራም፣ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ የስሌቱ አካሄድ ግን ያው ነው።

ማን ነው የሚከፍለው?

ግብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በማስታወቂያ ገቢ ተመልካቹ አይከፍልም። የሚከፍለው አስተዋዋቂው ነው። እናንተ የምትሸጡለት ደግሞ የተመልካቹን ጊዜ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ቤት ይኑረው አይኑረው፣ ካቢኔት ይፈልግ አይፈልግ ግድ አይሰጣችሁም። ብዙ ሰው፣ ብዙ ደቂቃ፣ ደጋግሞ፤ በቃ።

በሌላው ሥራ ግን የሚከፍለው ራሱ ተመልካቹ ነው። ገበያተኞች «ሊድ» የሚሉት ይህንን ሰው ነው፤ ፍላጎቱን ያሳየ፣ ስልኩን የሰጠ፣ ነገ ሊገዛ የሚችል ሰው። እዚህ 179 ሺህ 990 ሰው ምንም ላይጠቅማችሁ ይችላል። የቀሩት አሥሩ ናቸው ሥራው።

ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ግን ከርዕስ አመራረጥ ጀምሮ ስልክ ቁጥር ቪዲዮው ላይ መቼ ይታይ እስከሚለው ድረስ ሁሉን ይቀይራል። አንድ በአንድ እንየው።

የማስታወቂያው ሒሳብ

የጓደኛዬ ግብ በወር 600 ዶላር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ስለዚህ ብዙ እይታ ያስፈልገኛል» ብሎ ያቆማል። ስንት ነው ብዙ?

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ RPM የሚል ቁጥር አለ። ከ1,000 እይታ ለእናንተ ስንት ዶላር እንደተረፈ የሚናገር ነው። ከጎኑ CPM የሚባል ሌላ ቁጥር ታያላችሁ፤ እሱ አስተዋዋቂው ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ ለመታየቱ የከፈለው ነው። CPM ሁልጊዜ ያምራል፣ ምክንያቱም የዩቲዩብ ድርሻ አልተቀነሰበትም፣ ማስታወቂያ ያልታየበትንም እይታ አይቆጥርም። ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለቻናሉ ባለቤት የሚደርሰው 55 በመቶ ነው። ስለዚህ ዕቅድ የሚወጣው በRPM እንጂ በCPM አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ተመልካቹ ያለበት አገር ነው። አሜሪካ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሐበሻና አዲስ አበባ ሆኖ የሚያይ ሐበሻ አንድ ቪዲዮ ቢያዩም እኩል ገንዘብ አያመጡም። አስተዋዋቂዎች ለአሜሪካው ተመልካች የሚከፍሉት ይበልጣል። ለምሳሌ ከእይታው 30 በመቶው ከአሜሪካ ነው እንበል፣ እዚያ ያለው RPM 5 ዶላር። የቀረው 70 በመቶ ከሌላ አገር ነው፣ RPM ግማሽ ዶላር። አማካዩ እንዲህ ይወጣል፦

```
0.30 × 5.00 + 0.70 × 0.50 = 1.85
600 ÷ 1.85 × 1000 ≈ 324,000
```

በወር 324 ሺህ እይታ ማለት ነው። ግን አላለቀም። ጎግል ከ2021 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የቻናል ባለቤቶች ከአሜሪካ ተመልካች በሚያገኙት ገቢ ላይ ታክስ ይቀንሳል። ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የሌለው አገር ነዋሪ ከሆናችሁ የታክስ ፎርሙን ብትሞሉም 30 በመቶ ይቆረጣል። ኤምሬትስ እንደዚያ ዓይነት ስምምነት የላትም። ከላይ ካለው 600 ዶላር ውስጥ ወደ 486 ዶላር የሚሆነው ከአሜሪካ ተመልካች የመጣ ነው። 30 በመቶው ወደ 146 ዶላር ነው። ስለዚህ እጅ ላይ የሚገባው 454 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ቅነሳ RPM ላይ አይታይም፤ የሚታየው ክፍያው የሚላክበት አድሴንስ ላይ ነው። ጓደኛዬ የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባላት «ተሰረቅኩ» ብላ የደወለችልኝ ለዚህ ነው። የተጣራ 600 ከፈለገች ከ1,000 እይታ የሚተርፋት 1.40 ዶላር ነውና 429 ሺህ ገደማ እይታ ያስፈልጋታል።

አሁን ግቡ ቁጥር ሆነ። ወደዚያ እየሄደች መሆኑን ለማወቅ በየሳምንቱ የምታያቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ቪዲዮው ከቀረበላቸው ሰዎች ስንት በመቶው ከፈቱት? ይህ የርዕሱና የታምኔሉ ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ በአማካይ ስንት ደቂቃ ቆዩ? ከ8 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ መሐል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ከወጣ የመሐሉን ማስታወቂያ ማን ያየዋል? ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ያየ ሰው ተመልሶ መጣ ወይ? የሚመለስ ሰው ከሌለ በየወሩ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

እዚህ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ ሾርትስ ነው። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግማሽ ሚሊዮን ሲገባ ቻናሉ ያደገ ይመስላል። ነገር ግን ሾርትስ ከ1,000 እይታ የሚከፍለው ከረጅሙ በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱን በአንድ ከደመራችሁ እይታው ሲወጣ ገቢው ሲወርድ ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ግራ ያጋባችኋል። ለየብቻ መዝግቧቸው።

ሌላው የወቅት ጉዳይ ነው። በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ አስተዋዋቂዎች በጀታቸውን ለበዓል ገበያ ያወጣሉ፣ RPM ይወጣል። ጃንዩወሪ ሲገባ ይወርዳል። ይህንን የማያውቅ ሰው ዲሴምበር ላይ የሠራውን «ምርጥ ይዘት» ጃንዩወሪ ላይ ይጥለዋል። ጥፋቱ ግን የይዘቱ አይደለም። ጃንዩወሪን ካለፈው ዓመት ጃንዩወሪ ጋር ነው ማወዳደር።

የደንበኛው ሒሳብ

ወደ ወርክሾፑ እንመለስ። እዚህ ሒሳቡ ከእይታ አይጀምርም። ከመጋዙ ነው የሚጀምረው።

ጋሼን «በወር ስንት ኪችን መሥራት ትችላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስድስት አሉኝ። ሠራተኞቹም፣ ማሽኑም፣ ቦታውም ከዚያ በላይ አይችልም። ከስድስቱ ሦስቱ ያለ ምንም ቪዲዮ በሰው በሰው ይመጣሉ፤ በድሮ ደንበኛ፣ በፊኒሺንግ ባለሙያ። ስለዚህ ቪዲዮው ማምጣት ያለበት ሦስት ውል ነው። ሦስት መቶ አይደለም፣ ሦስት ብቻ።

ከዚያ ወደ ኋላ ቆጠርን። ለልክ ከሄዱባቸው ሦስት ቤቶች አንዱ ይዋዋላል፤ ስለዚህ ሦስት ውል ለማግኘት ዘጠኝ ቤት መለካት አለበት። ከሦስት እውነተኛ ደዋዮች አንዱ «ኑና ለኩ» ይላል፤ ስለዚህ ሃያ ሰባት እውነተኛ ደዋይ ያስፈልጋል። በወር ሃያ ሰባት። ግባችን ይህ ሆነ።

«እውነተኛ» የምትለዋን ቃል እዚህ ላይ በደንብ ያዙልኝ፤ ሥራው የሚበላሸው እሷ ጋ ነው። ማንኛውም የደወለ ሰው ከተቆጠረ ቪዲዮ ሠሪው (እኔ ማለት ነው) ስልኩን የሚያስጮኽ ነገር ሁሉ ይሠራል። ባለቤቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወሬ ሲመልስ ይውላል። ስለዚህ አራት መስፈርት ጽፈን ተፈራረምን፦ ቤቱ የራሱ የሆነ ወይም መወሰን የሚችል ሰው፤ የኪችኑ ልስንና ሴራሚክ ያለቀ ወይም በሁለት ወር ውስጥ የሚያልቅ፤ ቤቱ አዲስ አበባና ዙሪያው ያለ፤ የወርክሾፑን ዝቅተኛ ዋጋ ሰምቶ ስልኩን ያልዘጋ። አራቱን ያሟላ ይቆጠራል፣ ያላሟላ አይቆጠርም።

ወጪውንም በዚሁ እንየው። 45 ሺህ ብር ለሃያ ሰባት ሲካፈል አንድ እውነተኛ ደዋይ 1,667 ብር ገደማ ይፈጃል። አንድ ውል ደግሞ 15 ሺህ ብር። ከአንድ ኪችን የሚተርፋቸው 40 ሺህ ብር ነው። እንግዲህ ያዋጣል። ሦስቱ ውል አንድ ብቻ ቢሆንስ? 45 ሺህ አውጥተው 40 ሺህ ይተርፋቸዋል፤ ኪሳራ ነው። ይህንን ነጥብ ቀድሞ ማወቅ ማለት ሥራው መቼ መቆም እንዳለበት ማወቅ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጓደኛዬ ግብ ጣሪያ የለውም፤ 429 ሺህ ይበቃት የነበረው 900 ሺህ ቢሆን ገቢው ይጨምርላታል። የጋሼ ግብ ግን ጣሪያ አለው። ሃያ ሰባቱ ሰማንያ ቢሆን ስልክ የሚያነሳ አይኖርም፣ ልክ የሚለካ አይኖርም፣ ቀጠሮ ይዘገያል፣ «ደውዬ አላነሱም» የሚል ኮሜንት ይመጣል። ከአቅም በላይ የመጣ ደንበኛ ስም ነው የሚያበላሸው።

ደዋዩ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

በውጭ አገር መማሪያዎች ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ሰው ሊንክ ይጫናል፣ ፎርም ይሞላል፣ ሲስተሙ ይቆጥራል። እኛ ጋ ሰው ይደውላል። ቪዲዮውን ያየው ልጅ ነው፣ የሚደውለው አባት። የትኛው ቪዲዮ እንዳመጣው ማንም አይቆጥርላችሁም።

እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። ሁለት ሲም ካርድ ወጣ፦ አንዱ ዩቲዩብ ላይ ብቻ፣ ሌላው ቴሌግራም ላይ ብቻ የሚጻፍ። የድሮው ቁጥር ለሰው በሰው ቀረ። ስለዚህ የትኛው ስልክ ጮኸ የሚለው ብቻ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ቴሌግራም ላይ መጻፍ ለሚመርጡ ደግሞ ቦት ሠራንና ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የተለያየ ሊንክ ሰጠን። ሊንኩ እንዲህ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር የቪዲዮው ተራ ነው፦

```
https://t.me/yourbot?start=yt07
```

ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ደግሞ የምትጠይቀውን ጥያቄ ቀየርን። መጀመሪያ «ከየት ሰሙን?» ነበር የምትለው። ሰው ሁሉ «ከሶሻል ሚዲያ» ይላል፣ ያ ምንም አይጠቅምም። አሁን «ምን የሚያሳየውን ቪዲዮ ነው ያዩት?» ትላለች። ሰው ቪዲዮውን ያስታውሳል፤ «ያ ውሃ የገባበት» ይላል። መዝገቡ ላይ ስድስት መስመር አለ፦ ቀን፣ ስልክ፣ የትኛው ቪዲዮ፣ አራቱን ያሟላል ወይስ አያሟላም፣ ልክ የሄዱበት ቀን፣ ውል። ኤክሴል እንኳን አይደለም፣ የወረቀት መዝገብ ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህም አለ። ሰው ዛሬ ደውሎ ነገ አይዋዋልም። ሴራሚኩን ይጨርሳል፣ ከሚስቱ ጋር ይማከራል፣ ሌላ ቦታ ዋጋ ይጠይቃል። ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የዚህን ወር ወጪ ከዚህ ወር ውል ጋር ብታወዳድሩ ውጤቱ ይዋሻል፤ የዛሬው ውል የመጣው ከሁለት ወር በፊት ከደወለ ሰው ነው። እኛ ውሉን የምንጽፈው ሰውየው መጀመሪያ በደወለበት ወር ሥር ነው። የመስከረም ደዋዮች ውጤት የሚታወቀው ኅዳር ላይ ነው ማለት ነው። እስከዚያ የምንተማመነው በእውነተኛ ደዋዮች ቁጥር ነው፤ እሱ ቶሎ ይታያል።

ሁለት ቪዲዮ፣ ሁለት ፍርድ

አሁን መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን ቪዲዮ እንፍረድበት። «የአዲስ አበባ እጅግ ውድ ኪችን» የሚል ዓይነት ርዕስ ነበረው፤ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ገብተን ያሳየንበት። 180 ሺህ ሰው አየው። 52 ሰው ደወለ። አራቱን መስፈርት ያሟሉት ሦስት ናቸው። አንድ ቤት ተለካ። ውል የለም። ከደዋዮቹ ብዙዎቹ የጠየቁት ምን መሰላችሁ? «ቤቱ የማን ነው?» እና «ቤቱ ይሸጣል?» ነው። አንድ ጥሪ በአማካይ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ከአራት ሰዓት በላይ ስልክ ላይ ባከነ።

ሁለተኛው ቪዲዮ ርዕሱ «ከሲንክ ሥር ያለው ኤምዲኤፍ ለምን ያብጣል?» ነበር። ጋሼ ራሳቸው አንድ ያበጠ በር ይዘው፣ ውሃው በጠርዙ በኩል እንዴት እንደገባ፣ ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ላሚኔቱ ለምን እንደማያድነው፣ እርጥበት የሚቋቋመውን ኤምዲኤፍ ብዙ ጊዜ ውስጡ ባለው አረንጓዴ ቀለም እንዴት እንደሚለዩት አሳዩ። በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ዝቅተኛ ዋጋቸውን በሜትር ተናገሩ፣ ስልኩም ተጻፈ። አራት ደቂቃ ነው ርዝመቱ። 2,900 ሰው አየው። 31 ሰው ደወለ። አሥራ አራቱ መስፈርቱን አሟሉ። አምስት ቤት ተለካ። ሁለት ውል ተፈረመ። ከሁለቱ ውል የሚተርፈው 80 ሺህ ብር ነው፤ ቪዲዮው ከወሩ ወጪ ሩቡን፣ 11,250 ብር ነው የፈጀው።

ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «እይታ ምንም አይደለም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። አይደለም። ሁለቱን ቪዲዮዎች ወደ ጓደኛዬ ቻናል ውሰዷቸው። በእሷ 1.85 ዶላር ስሌት የቪላው ቪዲዮ 333 ዶላር ያስገባል፤ የወሩን ግብ ከግማሽ በላይ በአንድ ቪዲዮ። ያበጠው በር 5 ዶላር ከምናምን ነው። እሷ ጋ የቪላው ንጉሥ ነው፣ ያበጠው በር ኪሳራ። ጋሼ ጋ ተገላቢጦሽ። ቪዲዮው አልተቀየረም፤ የከፋዩ ማንነት ነው የተቀየረው።

አሠራሩም ለምን እንደሚለያይ ከዚህ ይታያል። ለማስታወቂያ ስትሠሩ መልሱን ቶሎ አትሰጡም፤ ሰው እንዲቆይ ታደርጋላችሁ፣ ሲያልቅም ወደ ሌላ ቪዲዮ ትመሩታላችሁ። ለደንበኛ ስትሠሩ መልሱንና ዋጋውን መጀመሪያ ላይ ትሰጣላችሁ። ዋጋ ሲነገር ግማሹ ሰው ይወጣል፤ ይውጣ። በሁለተኛው ደቂቃ ቪዲዮውን ዘግቶ የደወለ ሰው በ«አማካይ የቆይታ ጊዜ» ሲለካ ውድቀት ነው፣ በጋሼ መዝገብ ግን ድል ነው።

ሁለቱንም ብፈልግስ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ይቻላል፤ ግን በአንድ ቪዲዮ ላይ አይቻልም። እኛ አሁን የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ «የዚህ ቪዲዮ መለኪያ፦» ብለን አንድ ነገር ብቻ እንጽፋለን። ከአራቱ ቪዲዮ ሦስቱ ለደዋይ ናቸው። አንዱ ወርክሾፑን አዲስ ሰው እንዲያውቀው ነው፤ እሱን በደዋይ አንፈርድበትም። የምንጠይቀው ያንን ያየ ሰው ሌላውን ቪዲዮ መጥቶ አየ ወይ ብለን ነው።

የቢዝነስ ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያ ማብራት ግን ተጠንቀቁ። ጋሼ «ሁለት ዶላርም ብትሆን ትምጣ» ብለው ነበር። የካቢኔት ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ዩቲዩብ የሚያሳየው ማስታወቂያ የሌላ ፈርኒቸር ቤት ሊሆን ይችላል። በሁለት ዶላር 40 ሺህ ብር የሚያተርፍ ደንበኛ ለጎረቤት ማስረከብ ነው። ዩቲዩብ እናንተ ባታበሩትም ማስታወቂያ ሊያስገባ እንደሚችል እወቁ፤ ቢያንስ እናንተ በእጃችሁ አትጨምሩበት።

የመጨረሻው ጥንቃቄ የቁጥሩ ትንሽነት ነው። 180 ሺህ እና 90 ሺህ እይታ ስታወዳድሩ ልዩነቱ አንድ ነገር ይነግራችኋል። 14 ደዋይ እና 11 ደዋይ ስታወዳድሩ ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰው ቪዲዮውን የኮንዶሚኒየሙ ግሩፕ ላይ ሼር አድርጎት ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ቪዲዮ አንድን ርዕስ አንጥልም። ተመሳሳይ ርዕስ ላይ ሦስት ቪዲዮ ሠርተን፣ ሦስት ወር ጠብቀን ነው የምንፈርደው። 14 እና 3 ሲሆን ግን፣ በተለይ ሦስቱ ከ180 ሺህ ሰው ሲመጡ፣ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም።

የተሳሳተ መለኪያ እንደያዛችሁ የሚጠቁም ምልክት አለ። ወርሃዊ ሪፖርቱን ለባለቤቱ ስታቀርቡ ቁጥሩ አድጎ ሰውየው ፊት ላይ ምንም ካልተለወጠ፣ የምትቆጥሩት የእሱን ገንዘብ አይደለም።

እኔ አሁን ሥራ ከመቀበሌ በፊት ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ገንዘቡ የሚመጣው ከማን ነው? በወር ስንት ደንበኛ ማስተናገድ ትችላላችሁ? ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? ሦስተኛውን መመለስ ላልቻለ ሰው ቪዲዮ አልሠራም፤ ማንም የማያነሳው ስልክ እንዲጮኽ ገንዘብ መቀበል አልፈልግም።

ጋሼ ጋ እስካሁን እየሠራሁ ነው። ባለፈው ሳምንት 1,400 እይታ ያገኘ ቪዲዮ አሳየኋቸው። እይታውን አላዩትም። መዝገቡን ገለጡና «ይኼ ዘጠኝ አምጥቷል፣ ደህና ነው» አሉኝ።

እናንተስ፣ የምትሠሩት ለየትኛው ነው? ገጽ ወይም ቻናል ያላችሁ የምትቆጥሩትን ቁጥር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እንነጋገርበታለን።